አንድ አንጀት፣ ሁለት ጠባይ

በቤታችን የመድኃኒት ሳጥን ውስጥ ሥራቸው የሚጣረስ ሁለት ክኒኖች ለሦስት ዓመት ያህል ጎን ለጎን ኖረዋል። አንደኛው ድርቀት ሲይዝ ያስቀምጣል፤ ሌላው ተቅማጥ ያቆማል። ሁለቱም የእኔ ናቸው። አንድ ቀን ባለቤቴ ሳጥኑን ሲያስተካክል ሁለቱን ማሸጊያዎች በእጁ ይዞ፣ «ለመሆኑ የአንቺ ሕመም የትኛው ነው?» አለኝ። በቀልድ ነበር የጠየቀኝ። እኔ ግን መልስ አጣሁለት። ሦስት ቀን ሙሉ አልንቀሳቀስ ያለ ሆድ፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት አላስወጣ የሚለው እንዴት ነው? ያ ሆዴን ጠምዝዞ የሚይዘኝ ቁርጠትስ፣ ልክ እንደ ተጸዳዳሁ ዝም የሚለው ለምንድን ነው?

በቋንቋችን አንጀትና ሆድ ብዙ ሥራ አላቸው። ስናዝን «አንጀቴን በላኝ» እንላለን፤ ስንከፋ ሆድ ይብሰናል፤ ምስጢር በሆድ ይያዛል። ወደ ራሱ ወደ አንጀት ሥራ ስንመጣ ግን እናፍራለን። እኔም ለእናቴ «ሆዴን አሞኛል» ከማለት አልፌ አላውቅም ነበር። እሷም «ጨጓራ ነው ልጄ፣ በርበሬ ቀንሺ» ትለኛለች፤ ወሬው እዚያው ያበቃል። ዛሬ ግን ነገሩን በስሙ እየጠራሁ ልጽፈው ነው፤ ምክንያቱም ምስጢሩ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ነው።

የሁሉም መጀመሪያ አንድ ጉዞ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለዘመድ ሠርግ ከአዲስ አበባ ወጥተን በሄድንበት ትኩሳትና ብርቱ ተቅማጥ ያዘኝ፤ አምስት ቀን አልጋ ላይ ጣለኝ። በመድኃኒት ዳንኩ። ትኩሳቱ ጠፋ፤ ሆዴ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ድርቀት፣ ቀጥሎ ሁለት ቀን ተቅማጥ፣ እንደገና ድርቀት ሆነ ኑሮዬ። በየጤና ተቋሙ የሰገራ ምርመራ አድርጌ አንዳንዴ «አሜባ ነው»፣ አንዳንዴ «ጃርዲያ ነው»፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ «ምንም የለም» ተብያለሁ። «ምንም የለም» የሚለው ነበር ይበልጥ የሚያስፈራኝ። የሰገራ ልማድ መለወጥ የትልቁ አንጀት ካንሰር ምልክት ሊሆን እንደሚችል አንብቤ ነበርና፣ ሌሊት ልጆቹን አስተኝቼ ጣሪያ ላይ አፍጥጬ የማስበው ስለ እሱ ነበር።

በመጨረሻ የሄድኩባት የውስጥ ደዌ ሐኪም ከማንኛውም ምርመራ በፊት ጥያቄ ነው የደረደረችልኝ። ሰገራሽ ላይ ደም አይተሽ ታውቂያለሽ? ሳታስቢው ክብደት ቀንሰሻል? ተቅማጡ ከእንቅልፍሽ ይቀሰቅስሻል? ትኩሳት አለሽ? ከቤተሰብሽ የአንጀት ካንሰር ወይም የአንጀት ቁስለት የያዘው ሰው አለ? ዕድሜሽስ? ሠላሳ ስምንት ነኝ፤ ለሌላው ሁሉ መልሴ «የለም» ነበር። የደም ማነስ እንዳለና እንደሌለ የሚያሳይ የደም ምርመራ፣ የሰገራ ምርመራ፣ እንዲሁም ሰውነት የስንዴን ግሉተን የማይቀበልበትን ሴሊያክ የተባለ በሽታ የሚለይ የደም ምርመራ አዘዘችልኝ። ሁሉም ደህና ሆነ። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨመረች፦ «ቁርጠቱ ስትጸዳጂ ምን ይሆናል?»

«ይለቀኛል» አልኳት።

«እንግዲያው የሚያምሽ ነገር ስም አለው» አለችኝ። በሕክምና ቋንቋ ኢሪተብል ባወል ሲንድሮም ይባላል፤ ባጭሩ አይቢኤስ። እኔ ለራሴ «ቁጡ አንጀት» ብዬዋለሁ። አንጀቱ አልቆሰለም፣ አላበጠም፣ ዕጢ አልወጣበትም። የተበላሸው ፍጥነቱን የሚቆጣጠርበትና ስሜቱን ወደ አእምሮ የሚልክበት ሥርዓት ነው። ሐኪሞች ይህን ሕመም የሚለዩበት ሮም የሚባል መመዘኛ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው አራተኛ እትሙ መሠረት የሆድ ሕመሙ ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ በአማካይ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን መምጣት አለበት፤ የጀመረውም ከስድስት ወር በፊት መሆን አለበት። ከዚህ በተጨማሪ ሕመሙ ከመጸዳዳት፣ ከምልልሱ ብዛት መለወጥና ከሰገራው መልክ መለወጥ ውስጥ ቢያንስ ከሁለቱ ጋር መያያዝ ይኖርበታል። የእኔ ከሦስቱም ጋር ይያያዝ ነበር።

ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ሦስት ነገር እንድጽፍ፦ ሰዓቱን፣ የሰገራውን መልክ፣ የሕመሙን መጠን ከዜሮ እስከ አሥር። በእነዚያ ሳምንታት ሁለቱንም ክኒኖች እንዳልነካ ነገረችኝ፤ ምክንያቱም ክኒን ካለበት፣ የሚመዘገበው የክኒኑ ጠባይ እንጂ የአንጀቱ ጠባይ አይሆንም። ለመልኩ እ.ኤ.አ. በ1997 በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ የተዘጋጀ ባለ ሰባት ደረጃ ሠንጠረዥ ሰጠችኝ። አንድ ቁጥር ማለት እንደ ፍየል በጠጥ የተበታተነ ደረቅ ጥርጥር ነው። ሁለት የተቋጠረ ጓል ነው። ሦስትና አራት ደህናው ነው፤ ለስላሳና ወጥ። አምስት የላላ ቁርጥራጭ፣ ስድስት እንደ ገንፎ የላመ፣ ሰባት ደግሞ ጨርሶ ውኃ።

እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ መዝገብ መያዝ አይከብደኝም። ከስድስቱ ሳምንታት አንዱን ዙር እንዳለ ላሳያችሁ። ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ በመሥሪያ ቤታችን የግብር ሒሳብ የሚዘጋበት ጥድፊያ።

ሐሙስ፦ አንድ ጊዜ፣ መልኩ አራት፣ ሕመም ዜሮ። ዓርብ፦ ምንም። ቅዳሜ፦ ምንም፤ ማታ ሆዴ ተነፍቶ የቀሚሴ ወገብ ጠበበኝ፣ ሕመም ሦስት። እሁድ፦ ብዙ አምጬ ጥቂት ጥርጥር፣ መልኩ አንድ፣ ሕመም አራት፣ ያልጨረስኩ ዓይነት ስሜት። ሰኞ፦ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ተነሣሁ፤ አንድ ሰዓት ላይ ቁርስና ቡና፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ከእምብርቴ በታች በግራ በኩል ጠመዘዘኝ፣ ሕመም ሰባት። መጀመሪያ ጓል ወጣ፣ መልኩ ሁለት፤ ሕመሙ ወደ አራት ወረደ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለስኩ፤ መልኩ አራት። እንደገና ጠምዝዞኝ ገባሁ፤ መልኩ ስድስት። ለአራተኛ ጊዜ ሰባት፣ ከንፍጥ ጋር። ከዚያ ሕመሙ አንድ ሆነ፣ ሆዴም እንደ ባዶ ከረጢት ቀለለ። ሥራ የገባሁት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ማክሰኞ፦ ሁለት ጊዜ፣ መልኩ ስድስት። ረቡዕ፣ ሐሙስ፦ ምንም። ዓርብ፦ ጥርጥር።

ሐኪሟ ጣቷን ሰኞ ላይ አሳረፈች። «ድርቀቱም ተቅማጡም ያሉት በዚህች አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ጥያቄሽ ሁሉ እዚህ ይመለሳል» አለችኝ።

እንዲህ ነው። ከትንሹ አንጀት ወደ ትልቁ አንጀት በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ፈሳሽ ይገባል። ትልቁ አንጀት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት አለው፤ በቀኝ በኩል ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሆድን አቋርጦ በግራ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ዋና ሥራው ውኃውን መልሶ ወደ ደም መምጠጥ ነው። ደህና በሆነ ሰው ከዚያ ሁሉ ፈሳሽ ከሰገራ ጋር የሚወጣው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ሁለት የቡና ስኒ ቢሞላ ነው። እንግዲህ የሰገራን መልክ የሚወስነው በዋናነት አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ቱቦ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ። ብዙ ከቆየ ተመጦ ይደርቃል። ቶሎ ካለፈ ውኃው ሳይመጠጥ ይወጣል። ድርቀትና ተቅማጥ ሁለት በሽታዎች ሳይሆኑ የአንድ ጉዞ ሁለት ፍጥነቶች ናቸው።

ፍጥነቱን የሚወስነው የአንጀት ጡንቻ ነው፤ ይህ ጡንቻ ደግሞ ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንዱ ማሸት ነው። እየተኮማተረ ያለውን ቦታው ላይ ያሻል፣ ያገላብጣል፣ ብዙም ወደፊት አይወስደውም። ሌላው መግፋት ነው። በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ፣ በተለይም ጠዋት ስንነሣና ምግብ ስንበላ፣ ብርቱ ማዕበል ተነሥቶ ያለውን ሁሉ ወደ መውጫው ይነዳዋል። ቡና ይህን ማዕበል በደቂቃዎች ውስጥ ሊያስነሣው ይችላል። በቁጡ አንጀት የእነዚህ የሁለቱ ሚዛን ይዛባል፤ አንዳንድ ቀን ማሸቱ በዝቶ መግፋቱ ይጠፋል፣ ሌላ ቀን መግፋቱ ያለ ልክ ይመጣል።

አሁን ወደ መዝገቤ እንመለስ። ከዓርብ እስከ እሁድ በግራ በኩል ያለው የአንጀቴ ክፍል እየተኮማተረ ያሻል እንጂ አይገፋም። እዚያ የነበረው ሦስት ቀን ሙሉ ውኃው ተመጦ ጓል ሆነ፤ እንደ ውታፍ መንገዱን ያዘ። ከኋላው፣ በቀኝና በላይ በኩል፣ የቅዳሜና የእሁድ ምግብ ገና ለስላሳ ሆኖ ተሰለፈ። ሰኞ ጠዋት መነሣቱ፣ ቁርሱ፣ ቡናውና የሥራው ሐሳብ አንድ ላይ ሆነው ማዕበሉን አስነሡት። መጀመሪያ ውታፉ ወጣ። ከእሱ በኋላ መካከለኛው፤ ከዚያ ገና ውኃው ያልተመጠጠለት የላይኛው ክፍል ተከታትሎ ፈሰሰ። ንፍጡን ራሱ አንጀት የሚያመነጨው ለማለስለሻ ነው፤ ከአይቢኤስ ጋር አብሮ መታየቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት አዲስ በሽታ አልያዘኝም። የወጣው የሦስት ቀን ሰልፍ ነው፤ የደረቀው ከፊት፣ የላላው ከኋላ።

ረቡዕና ሐሙስ ደግሞ «ድርቀቱ ተመለሰ» ብዬ የማዝንባቸው ቀናት ነበሩ። ግን ተመልከቱ፤ ሰኞና ማክሰኞ ትልቁ አንጀቴ ከሞላ ጎደል ባዶ ሆኗል። ምግብ ከአፍ ተነሥቶ የትልቁን አንጀት መጨረሻ እስኪሞላ አንድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በእነዚያ ቀናት አለመጸዳዳት የሚወጣ ነገር ስለሌለ ነው። ሰው በዚህ ጊዜ የሚያስቀምጥ ክኒን ከወሰደ፣ ወይም የጉሎ ዘይት ወይም ሰነመኪ ከጠጣ፣ አንጀቱ ሳይሞላ በግድ ይገፋል፤ የሚወጣውም ውኃ ነው። ውኃውን ሲያይ ሎፐራማይድ የሚባለውን የተቅማጥ ማቆሚያ ይወስዳል። እሱ ደግሞ መግፋቱን አግዶ ማሸቱን ያስረዝማል፤ በሦስተኛው ቀን ውታፍ ተሠርቶ ይጠብቃል። አንጀት በራሱ የጀመረውን ውዝዋዜ መድኃኒቶቹ በየተራ እየገፉ ያሰፉታል፤ በዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ ከሁለት ወገን እንደ መግፋት ነው።

ቁርጠቱስ? አንጀት ቢቆረጥ ወይም ቢቃጠል እንኳ ብዙም የማይሰማው አካል ነው። እሱን የሚያመው ሲለጠጥና አጥብቆ ሲኮማተር ነው። ማዕበሉ ከኋላ እየገፋ ፊት ለፊት ውታፍ ካለ፣ በመካከል ያለው ጋዝና ሰገራ ግድግዳውን ይለጥጠዋል፤ ግድግዳው ይበልጥ ይኮማተራል። ሕመሙ እየመጣ የሚሄድ፣ ጥምዝ እያለ የሚለቅ የሆነውም ጡንቻው እንደዚያ ስለሚሠራ ነው። ጓሉና ጋዙ ሲወጣ የግድግዳው ውጥረት ይወርዳል፣ ማዕበሉም ሥራውን ጨርሶ ያርፋል። በመዝገቤ ላይ ሕመሙ ከሰባት ወደ አራት፣ ኋላም ወደ አንድ የወረደው ለዚህ ነው። ለሁሉም ሰው ግን እንደዚህ አይደለም። አንዳንዱ ከተጸዳዳ በኋላ ሕመሙ ይብስበታል፤ የሮም መመዘኛም በአራተኛው እትሙ «ሲጸዳዱ የሚሻል» የሚለውን ትቶ «ከመጸዳዳት ጋር የተያያዘ» ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ሰው ሁሉ ይደርቃል፣ ሰው ሁሉ ጋዝ አለው። ባለቤቴ ለሁለት ቀን ሳይጸዳዳ ቀርቶ ምንም ሳይመስለው ይውላል። እኔን ብቻ ለምን ያንን ያህል ያመኛል? ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ የቆየ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝ አገር የታተመ ነው። ተመራማሪው በሰዎች የትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ ትንሽ ፊኛ አስገብቶ በአየር ነፋው። ፊኛው 60 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ሕመም የተሰማቸው ከጤነኞቹ መካከል ከመቶ ስድስቱ ብቻ ነበሩ፤ ቁጡ አንጀት ካላቸው ግን ከግማሽ በላይ። ፊኛው ያው ነው፤ አየሩም ያው ነው። የሚለየው ነርቮቹ ወደ አእምሮ የሚልኩት መልእክት ጩኸት ነው። ለአንዱ ሹክሹክታ የሆነው ለሌላው በድምፅ ማጉያ ይደርሰዋል። «በሐሳብሽ ነው» ለሚሉኝ ሰዎች አሁን የምመልሰው በዚህ ነው፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው፣ ድምፁ ግን ከልክ በላይ ተከፍቷል።

ድምፁን ማን ከፈተው? በእኔ ላይ ዋናው ተጠርጣሪ ያ የሠርግ ጉዞ ነው። ብርቱ የአንጀት ኢንፌክሽን ከያዛቸው ሰዎች ከአሥሩ አንዱ ያህል፣ ተሐዋሲው ከጠፋ በኋላም ቁጡ አንጀት ይቀርባቸዋል። በአንጀት ግድግዳ ላይ ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሕዋሳት አሉ። ብዙዎቻችን ሴሮቶኒንን የምናውቀው ከስሜትና ከድብርት ጋር ተያይዞ ነው፤ በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህሉ የሚገኘው ግን አንጀት ውስጥ ነው። ምግብ ሲያልፍ ግድግዳውን ሲነካው ይለቀቃል፤ ነርቮቹን «ግፉ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል፣ የሕመም መልእክትም ያስተላልፋል። ከኢንፌክሽን በኋላ በአንዳንድ ሰዎች ይህ ሥርዓት ሚዛኑን ይስታል። ጭንቀት ሲጨመር ደግሞ አእምሮ የሚለቀው የጭንቀት ንጥረ ነገር ጨጓራን እያዘገመ ትልቁን አንጀት ያፈጥናል። የጥቅምት ሰኞዎቼ ከሌሎቹ ሰኞዎች የከፉት በዚህ ነው።

ስድስቱን ሳምንታት ስንደምር መልኩ የተበላሸባቸው ቀናት 24 ነበሩ፤ በ10ሩ ደረቅ ብቻ፣ በ11ዱ የላላ ብቻ፣ በ3ቱ እንደዚያ ሰኞ ሁለቱም በአንድ ቀን። ደረቁም የላላውም እያንዳንዳቸው ከሩብ በላይ ከሆኑ ዓይነቱ «ድብልቅ» ይባላል። የዚህ ስያሜ ጥቅሙ በሕክምናው ላይ ነው። ድርቀት ብቻ ያለበት ሰው የሚያለሰልስ፣ ተቅማጥ ብቻ ያለበት የሚያዘገይ ሊወስድ ይችላል። ድብልቅ የሆነው ግን አንዱን ጫፍ ባከመ ቁጥር ሌላውን ጫፍ ይጠራል። የሚያስፈልገው ሁለቱንም ወደ መሃል የሚያመጣ ነገር ነው።

ያ ነገር በእናቴ ጓዳ ውስጥ ነበር፤ ተልባ። በውኃ ሲዘፈዘፍ የሚያዝለገልግ ፈሳሽ የሚያወጣው አሰር ውኃን ይይዛል። ሰገራው ሲደርቅ ውኃ ይዞ ያለሰልሰዋል፤ ሲቀጥን ያንኑ ውኃ አቅፎ ያረጋዋል። አጃም ተመሳሳይ አሰር አለው፤ በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ሳይሊየም ደግሞ ለዚህ ሕመም በደንብ የተፈተነው ነው። እኔ የጀመርኩት በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ነው፤ በሦስት ሳምንት ቀስ እያልኩ ወደ አንድ የሾርባ ማንኪያ አደረስኩት፣ ከዚያ አላለፍኩም። ብዙ ውኃ ከሌለው ተልባው ራሱ ውታፍ ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ ከበዛም ይነፋል። አሰር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ለድርቀት ብለው ፉርሽካ የሚበሉ ብዙዎች ናቸው፤ በቁጡ አንጀት ላይ ግን የስንዴ ፉርሽካ ውኃ ከመያዝ ይልቅ ግድግዳውን ስለሚያስቆጣ መነፋቱንና ቁርጠቱን ሊያብሰው ይችላል።

ሁለተኛው ለውጥ የሰዓት ነው። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቼ በአንድ ጊዜ ጠግቤ ስበላ መዝገቤ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያሳየኝ ነበር፤ ከምግብ በኋላ ሕመም አምስትና ስድስት። ሆድ በአንድ ጊዜ ሲሞላ ወደ ትልቁ አንጀት የሚላከው የ«ግፉ» ትእዛዝም ያንኑ ያህል ይበረታል። ጾሜን አልተውኩም፤ የሚፈታበትን ማዕድ ለሁለት ከፈልኩት፣ ጥቂት በዘጠኝ ሰዓት፣ ቀሪው በአንድ ሰዓት። ሽሮና ምስርም አልተውኩም። ጥራጥሬና ሽንኩርት ትንሹ አንጀት የማይፈጨው ስኳር አላቸው፤ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች እሱን አብላልተው ጋዝ ያደርጉታል። ለአራት ሳምንት የወጡን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በጣም ቀንሼ፣ ከዚያ አንድ በአንድ መልሼ ሞከርኩ። እኔን የሚነፋኝ ሽንኩርቱ ሆኖ ተገኘ፤ ምስሩ በልክ ሲሆን ምንም አይለኝም። የሌላ ሰው መዝገብ ሌላ ነገር ሊያሳይ ይችላል። ቡናዬን ደግሞ ከቁርስ ለይቼ ወደ አራት ሰዓት አሻገርኩት፤ ሁለቱ ግፊቶች በአንድ ላይ እንዳይመጡ።

ቁርጠቱ ሲበረታ የምወስደው የአንጀት ጡንቻን የሚያዝናና መድኃኒት ሐኪሟ አዝዛልኛለች። በዚህ የማይመለስ ሕመም ላላቸው ደግሞ ለድብርት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች በጣም በትንሽ መጠን ይታዘዛሉ፤ ይህ የሚደረገው የነርቮቹን ጩኸት ለመቀነስ እንጂ ሰውየው ድብርት አለበት ተብሎ አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የሐኪሟ የመጀመሪያ ጥያቄዎች «የለም» ከተመለሱ ነው። ቁጡ አንጀት አያደማም፣ የደም ማነስ አያመጣም፣ ሳይታሰብ አያከሳም፣ ሰውን ከከባድ እንቅልፉ በተቅማጥ አይቀሰቅስም። ከነዚህ አንዱ ከታየ፣ ወይም ለውጡ ከሃምሳ ዓመት አካባቢ በኋላ ድንገት ከጀመረ፣ መልሱ ተልባ አይደለም፤ አንጀቱ በመሣሪያ መታየት አለበት። በዕድሜ የገፉ ወላጆች ላላችሁም አንድ ነገር ልጨምር። ለቀናት ከደረቀ በኋላ ሳያውቁት የሚፈስ ቀጭን ተቅማጥ፣ በደረቀ ሰገራ ዳርና ዳር አልፎ የሚንጠባጠብ ሊሆን ይችላል። ለዚያ የተቅማጥ ማቆሚያ መስጠት ይጎዳቸዋል፤ ሐኪም ይያቸው።

ያለፈው ወር መዝገቤ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከ30 ቀናት 19ኙ ላይ ሦስት ወይም አራት ተጽፏል። አምስት ቀን ደረቅ፣ ሦስት ቀን የላላ፣ ሦስት ቀን ባዶ። ከፍተኛው ሕመም አምስት፤ እሱም የልጄ የክፍል ፈተና ሳምንት ላይ ነው፣ ከእሷ ይልቅ እኔ የተጨነቅኩበት። ከባዶዎቹ ቀናት አንዱ ጎን በእጄ የጻፍኩት ማስታወሻ አለ፦ «ትናንት ሦስት ጊዜ። ዛሬ የሚወጣ የለም። ጠብቂ።»